«ልጁ ሥልጣን አልነበረውም»፦ ፌሮ ሲወደድ የምትመጣ ሰበብ

የዛሬው የፌሮና የሲሚንቶ ዝርዝር ጠዋት ተለጥፏል። ይሄ ጽሑፍ ስለ ዋጋው ሳይሆን ዋጋውን ስለቆረጠው ሰው ነው።

በዚህ ቻናል የቆያችሁ አንድ ነገር ሳታስተውሉ አትቀሩም። ዋጋ ዝም ብሎ በተቀመጠ ወር፣ ማን ለማን እንደሸጠ የሚጠይቅ የለም። ሻጩ ልጅ በስልክ «እሺ ይሁን» ይላል፣ ፎርማኑ «ጫን» ይላል፣ ዕቃው ይራገፋል፣ ብሩ ይገባል፣ አለቀ። ዋጋ ሲዘል ወይ ሲወርድ ግን ድንገት ሁሉም ሰው የሕግ አዋቂ ይሆናል። ሲወደድ ባለሱቁ «ልጁ እኮ ሥልጣን የለውም» ይላሉ። ሲረክስ ደግሞ ባለሳይቱ «ፎርማኑን ማን ግዛ አለው?» ይላሉ። ማለትም ክርክሩ ስለ ሥልጣን ይመስላል እንጂ ሥር መሠረቱ ዋጋ ነው።

ከሁሉ የባሰው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። እዚህ አገር የሚጠቀጠቀው ፌሮ ጥሬ ብረቱ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚመጣ፣ ከዚያ ቀን በፊት «እሺ ይሁን» የተባለ ዋጋ ሁሉ ለሻጭ እሾህ ሆነበት። ያን ሰሞን ከአያት አደባባይ እስከ ጣፎ ድረስ ባሉት የብረት ሱቆች «ልጁ ሥልጣን አልነበረውም» የሚለው ሐረግ ከሰላምታ እኩል ይሰማ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቁጥሮቹን ለሒሳብ እንዲመቹ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ የየትኛውም ቀን የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ እንዳትወስዱ።

አያት ውስጥ ጂ ፕላስ ሁለት የሚያሠራ ሰው 5 ቶን ባለ 12 ፌሮ ፈለገ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቤርጋ ወደ 10.7 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ 5 ቶን ማለት ወደ 470 ቤርጋ ነው። ወደ ሱቁ ደወለ። ያነሳው ባንኮ ላይ የሚቆመው ልጅ ነው። «በኪሎ 100 ብር፣ ግማሹን ዛሬ አስገባ፣ በሳምንት ውስጥ አራግፋለሁ» አለው። ሰውየው 250 ሺህ ብር ወደ ሱቁ የባንክ ሒሳብ አስገባ፤ ልጁም ካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ቆርጦ ፎቶውን በቴሌግራም ላከለት። በአምስተኛው ቀን ዋጋው 130 ገባ። በስድስተኛው ቀን ባለሱቁ ራሳቸው ደወሉ፦

«ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ልጁ ከአንድ ቶን በላይ ሳይጠይቀኝ እንዳይሸጥ ነግሬው ነበር። ብርህን መልሼልሃለሁ።»

«ጋሼ፣ እኔ ይሄን በምን አውቃለሁ?»

«አንተ አታውቅም። ግን ሥልጣን የለውም አልኩህ እኮ።»

ሰውየው ሌላ ሱቅ ሄዶ 650 ሺህ ብር ከፈለ። 150 ሺህ ብር ጠፋ። ጥያቄው ይሄ 150 ሺህ የማን ኪስ ነው የሚለው ነው።

(በቅንፍ ልበል፦ የከፈላችሁት ገንዘብ «ቀብድ» ተብሎ ከተጻፈ ሌላ ሕግ አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሰው ሌላ ስምምነት ከሌለ እጥፉን መልሶ ከውሉ ሊወጣ ይችላል። እዚህ የማወራው ስለ ቅድሚያ ክፍያ ነው።)

ባለሱቁ ዋሽተዋል አልልም። ልጁን በእውነት «ከአንድ ቶን በላይ ጠይቀኝ» ብለውት ይሆናል። በእሳቸውና በልጁ መካከል ያለው ሥልጣን እሱ ነው፤ ልጁ ያንን ከጣሰ ለእሳቸው ይጠየቃል። ነገር ግን ገዢው ያንን ንግግር አልሰማም። ገዢው ያየው ሌላ ነገር ነው፦ ባንኮ ላይ የቆመ ሰው፣ በሱቁ ስም የሚቆረጥ ደረሰኝ፣ የሱቁ የባንክ ሒሳብ። እና አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ። በየጠዋቱ እዚህ ቻናል ላይ የሚወጣውን የሱቆች ዝርዝር ተመልከቱ፤ ከዋጋው ሥር የሚገባው ስልክ የማን ነው? የባለቤቱ አይደለም፤ በአብዛኛው የልጁ ነው። «ለማዘዝ በዚህ ይደውሉ» ያሉት ግን ባለቤቱ ናቸው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ ቦታ አለው። ቁጥር 2181 ወካዩ ራሱ የወኪሉን ሥልጣን ለሦስተኛ ወገን ካስታወቀ፣ በዚያ ሦስተኛ ወገን ፊት የሥልጣኑ ስፋት የሚለካው በማስታወቂያው ነው ይላል፤ በጓዳ በተሰጠ ትእዛዝ አይደለም ማለት ነው። ቁጥር 2204 ደግሞ ለእኛ ገበያ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው የአስተዳደር ሥራ ብቻ መሥራት ይችላል፤ ይህ ቁጥር ደግሞ ምርትን፣ ለመሸጥ የተቀመጠ ዕቃንና ቶሎ የሚበላሽ ነገርን መሸጥ የአስተዳደር ሥራ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ሱቅ ውስጥ የተደረደረ ፌሮ ለምን ተቀመጠ? ለመሸጥ። ስለዚህ ባንኮ ላይ ያለ ሻጭ ለሽያጭ የቀረበ ዕቃ ሲሸጥ የተለየ ወረቀት አያስፈልገውም። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን የሚል ግዴታ ስለሌለ ውክልናውም በቃል ቢሆን ይበቃል።

የእኔ አቋም እንግዲህ ይሄ ነው፦ በምሳሌያችን ውሉ ባለሱቁን ያስራቸዋል። በቁጥር 2189 መሠረት ወኪል በሥልጣኑ ልክ በወካዩ ስም የገባው ውል ወካዩ ራሱ እንደገባው ይቆጠራል። ፌሮውን በ100 ያራግፋሉ፤ አለዚያ ልዩነቱን ይከፍላሉ።

መልስ እንዳላቸው አውቃለሁ። «ሕጉ ውክልናን በጠባቡ ተርጉሙ ይላል» ይላሉ፣ እውነትም ይላል። ግን ጠባብ ትርጉም የሚሠራው ለምንድን ነው? ልጁ የሱቁን መኪና ቢሸጥ፣ በሱቁ ስም ብድር ቢገባ፣ በክርክር ላይ ቢታረቅ በጠባቡ እንተርጉም። ባንኮ ላይ ቆሞ ፌሮ መሸጥን ከዚህ በላይ ማጥበብ ግን ሱቁን መዝጋት ነው።

አሁን ገልብጡትና ከገዢ በኩል እንየው፤ ምክንያቱም የሱቅ ባለቤቶችም እዚህ ቻናል ውስጥ ሞልታችኋል። ፎርማኑ ደውሎ 5 ቶን አዘዘ፣ ዋጋ ቀነሰ፣ ባለሳይቱ «ፎርማን ሥራ ያሠራል እንጂ አይገዛም» አሉ። እዚህ ላይ መልሱ እንደ ሱቁ ልጅ ቀላል አይደለም። ፎርማንነት በራሱ የመግዛት ሥልጣን አይደለም፤ ብዙ ሳይት ላይ ግዥ የሚሠራው ሌላ ሰው ነው። ፎርማኑ «እኔ ነኝ የምገዛው» ማለቱም ምንም አያረጋግጥም። ሥልጣን እንዳለ የሚያስመስለው ነገር ከወካዩ እጅ ወይ አፍ መውጣት አለበት፤ ወኪሉ ስለራሱ የሚያወራው አይቆጠርም። ታዲያ ሻጩ ምን ይዞ ይቀርባል? ካለፈው ታሪክ ነው። ያው ፎርማን ባለፉት ወራት ሦስት ጭነት ካዘዘ፣ ሦስቱም የተከፈለው ከባለሳይቱ ሒሳብ ከሆነ፣ ማስረከቢያው ላይ የፈረመውም እሱ ከሆነ፣ ባለሳይቱ አራተኛው ላይ «አላውቀውም» ቢሉ የሚሰማቸው አይኖርም። የባንክ ማሳወቂያውና የማስረከቢያ ወረቀቱ ኮፒ ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘዘ ፎርማን ከሆነ ግን በቃ፣ ለባለቤቱ አንድ ስልክ ደውሉ።

ይሄን ነገር ሌላው ዓለም ቀድሞ ተጣልቶበታል፤ ከዚያም የሚታወቀው የግንባታ ጉዳይ ነው። እንግሊዝ አገር ፍሪማንና ሎክየር የሚባሉ አርክቴክቶች ባክኸርስት ፓርክ በተባለ የቤት ልማት ኩባንያ ላይ ክስ መሠረቱ። ሥራውን የሰጣቸው ካፑር የሚባል ዳይሬክተር ነበር፤ እሱ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ በይፋ አልተሾመም። ሌሎቹ የቦርዱ አባላት ግን እንደ ሥራ አስኪያጅ ሲንቀሳቀስ እያዩ ዝም ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ፍርድ ቤቱ ኩባንያው በውሉ ይታሰራል፣ ክፍያውን ይክፈል አለ። ዳኞቹን ያሳመናቸው የካፑር ንግግር ሳይሆን የቦርዱ ዝምታ ነው።

የእኛ ሕግ ግን እዚህ ጋ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ወኪሉ በእውነት ከሥልጣኑ ውጪ ከሆነ፣ በቁጥር 2190 ወካዩ ምርጫ አለው፦ ያጸድቃል ወይም አልቀበልም ይላል። አልቀበልም ካለ ውሉ ይፈርሳል። የሥልጣን መልክ ስለነበረ ብቻ ውሉ አይጸናም። በቅን ልቦና ያመነው ሦስተኛ ወገን የሚያገኘው ካሣ ነው፣ ሥልጣን አለ ብሎ በማመኑ የደረሰበትን ጉዳት የሚተካ። ካሣውን ከወኪሉ ይጠይቃል። ወካዩ ደግሞ ቁጥር 2195 ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች አንዱ ካለ ከወኪሉ ጋር አብሮ ይጠየቃል፦ ውክልናውን አሳውቆ መሻሩን ካላሳወቀ፣ የውክልና ሰነዱን ከወኪሉ እጅ ካላስመለሰ፣ ወይም በንግግሩ፣ በሥራው ወይ በዝምታው ሰው እንዲያምን ካደረገ።

ልዩነቱ ለነጋዴ ምን ማለት ነው? ወደ 470 ቤርጋችን እንመለስ። ፍርድ ቤት ልጁ በእርግጥ ከሥልጣኑ ወጥቷል ቢል ገዢው «ፌሮዬን አምጡ» ማለት አይችልም። ካሣ ነው የሚጠይቀው፤ ካሣው ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። «ልጁን ባላምነው ኖሮ በዚያው ቀን ከሌላ ሱቅ በ100 እገዛ ነበር» ማለት አለበት፤ ይሄንንም ማሳየት አለበት። ስለዚህ ያን ቀን የሰበሰባችሁትን ፕሮፎርማ አትጣሉ። ሦስት ሱቅ 100፣ 101፣ 99 ብለው የሰጡት ወረቀት ካለ 150 ሺህ ብሩ ከባዶ ሜዳ የመጣ ቁጥር አይሆንም። የዚያን ዕለት የዋጋ ልጥፍ ስክሪንሾትም ከምንም ይሻላል። ይሄ ሁሉ ከሌለ፣ ዳኛው የሚያየው የተመለሰ 250 ሺህ ብርና አንድ የተቆጣ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ይሄ «ላጽድቅ ወይስ አልቀበል» የሚለው ምርጫ በሚዘል ገበያ ውስጥ ነፃ ሎተሪ ነው። ባለሱቁ ስለ ሽያጩ በሁለተኛው ቀን ሰምተዋል እንበል። ዝም አሉ። ዋጋው ቢወርድ ኖሮ «ልጄ የሸጠው እኔ እንደሸጥኩት ነው» ብለው በደስታ ያራግፉ ነበር። ሲወጣ «ሥልጣን የለውም» አሉ። በሁለቱም በኩል አይከስሩም፤ የሚከስረው የጠበቀው ሰው ነው። ሕጉ ለዚህ በቁጥር 2191 መድኃኒት አስቀምጧል፦ ሦስተኛው ወገን ወካዩን «ታጸድቃለህ ወይስ አትቀበልም፣ አሁኑኑ ንገረኝ» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። አንድ አጭር የቴሌግራም መልእክት ለባለቤቱ ራሳቸው፦ «ዛሬ ከእገሌ ጋር 5 ቶን ባለ 12 በኪሎ 100 ተስማምተናል፣ 250 ሺህ ገብቷል፣ እስከ ነገ ጠዋት ካልተስማሙ ያሳውቁኝ።» «እሺ» ካሉ አለቀ፣ የሥልጣን ክርክር ቀረ። «አይ» ካሉ ዋጋው ገና 100 እያለ ሌላ ቦታ ትገዛላችሁ። ዝም ካሉስ? ዝምታን እንደ እሺታ አትቁጠሩት፤ በማግስቱ ደግማችሁ ጠይቁ፣ ካልመለሱ ሌላ ፈልጉ። ግን ብሩን ይዘው ዝም ካሉ፣ ያ ብር ሒሳባቸው ውስጥ የተኛበት እያንዳንዱ ቀን በእሳቸው ላይ ይመሰክራል፤ ሽያጩን አልቀበልም የሚል ሰው የሽያጩን ብር አቅፎ አይቀመጥም።

የገዢውም ቅንነት ይመረመራል፤ ይሄንን ሳልናገር ባልፍ ለሱቆቹ ግፍ ነው። ገበያው 100 በሆነበት ቀን ልጁ በ75 ቢሰጣችሁ፣ ብሩን ደግሞ «በእኔ ቴሌብር አስገባው» ቢላችሁ፣ ደረሰኝም «ኋላ እንቆርጣለን» ቢል፣ ያኔ «በቅን ልቦና አምኜው ነው» ማለት አያዋጣም። ከእነዚህ ውስጥ ብሩ የሚገባበት ሒሳብ ከሁሉ ይበልጣል። በሱቁ ሒሳብ የገባ ብር የባለቤቱን ስልክ ያንጫጫል፤ በልጁ ሒሳብ የገባ ግን ከልጁ ጋር ብቻ ያለ ጉዳይ ነው።

አያት ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ወኪል አለ፦ ባለቤቱ ቨርጂኒያ ወይ ቶሮንቶ፣ ቤቱን የሚያሠራው ወንድም ወይ የአክስት ልጅ። ውክልናው ኤምባሲ ተፈርሞ፣ እዚህ በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎ፣ ላሚኔት ተደርጎ ይዞራል። ሲሚንቶና ፌሮ ለዚያ ቤት መግዛት ላይ ብዙ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ሲቆም ነው። ያላለቀ ቤት ግቢ ውስጥ የተረፈ ፌሮ ይኖራል፤ ወኪሉ «40 ቤርጋ ባለ 14 አለ፣ ቀንሼ ልስጥህ» ይላል፣ ወረቀቱንም ያሳያል። እዚህ ላይ ቁጥር 2204ን እንደገና አንብቡት። ለመሸጥ የተቀመጠ ዕቃ ነው የሚለው። ሳይት ላይ ያለ ፌሮ ለመሸጥ አልተቀመጠም፤ ቤት ውስጥ ሊገባ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ «ንብረቴን ያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ቃል ብቻ ያለው ውክልና ለሱቁ ልጅ የሚሰጠውን ሽፋን ለዚህ ሰው አይሰጠውም። ውክልናው ውስጥ «የሚንቀሳቀሱ ንብረቶቼን ይሽጥ» የሚል ቃል ፈልጉ። ቤቱን ራሱን ለመሸጥ ከሆነማ ቁጥር 2205 ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል፤ ውክልናውም እንደ ሽያጩ ውል ሕጉ ባዘዘው ፎርም መሰጠት አለበት። «ሁሉም ሰው እንደ ወኪል ያውቀዋል» የሚለው እዚያ አይሠራም።

ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ወንድማማቾች ይጣላሉ፣ ውጭ ያለው ውክልናውን ይሽራል፣ ወረቀቱ ግን ያው ወንድም ኪስ ውስጥ ይቀራል። ባለቤቶች፣ መሻር ብቻ አይበቃም፤ ዋናውን ሰነድ ተቀበሉት፣ ይገዛባቸው የነበሩትን ሱቆችም በስልክ አስታውቁ፤ አለዚያ ቁጥር 2195 አብራችሁ ትጠየቃላችሁ ይላችኋል። ሻጮችና ገዢዎች ደግሞ ለብዙ ብር ከሆነ ላሚኔቱን አይታችሁ አትርኩ፤ በሰነዱ ላይ ያለውን ቁጥርና ቀን ይዛችሁ ሰነዱን ያረጋገጠው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ተሽሮ እንደሆነ ጠይቁ። ወካዩ በሕይወት መኖራቸውንም ጠይቁ፤ ወካይ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ ወረቀቱ ግን ይሄንን አይናገርም።

ደላላን የረሳሁት እንዳይመስላችሁ። «ደላላው ዋጋ ቆርጦልኛል» የሚል ብዙ መልእክት ይደርሰናል። ደላላ የሚያገናኝ ሰው ነው፤ ካልተወከለ በቀር የማንም ወኪል አይደለም። እሱ «በ98 ጨርሼልሃለሁ» ሲላችሁ ሻጩ ገና ምንም አላሉም። ሻጩን ወይ የሱቁን ልጅ ስልክ ላይ አስገቡና ቁጥሩን ከእነሱ አፍ ስሙት፤ ብሩን ከዚያ በኋላ ላኩ።